ከአርባ ሁለት ገጽ ወደ አንድ ገጽ፦ የድርቅ ጥናት ሪፖርት ለውሳኔ ሰጪ ኃላፊ እንዴት ይቀርባል?

በድርቅ በተጠቃ አካባቢ የሚካሄድ የሰብልና የምግብ ሁኔታ ጥናት ተጠናቆ ጽሕፈት ቤት በሚደርስበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሠላሳ እስከ አምሳ ገጽ የሚሆን ጥራዝ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው የዝናቡን፣ የእርሻ ባለሙያው የአዝመራውን፣ የእንስሳት ሐኪሙ የከብቱን፣ የጤና ባለሙያው የሕፃናቱን ሁኔታ እያንዳንዱ በየሙያው አነጋገር ጽፎበታል። እህል ከመጋዘን እንዲወጣ የሚፈርመው ኃላፊ ግን ከእነዚህ ሙያዎች አንዱንም ያልተማረ ሊሆን ይችላል፤ ቢማርም እንኳ ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብበት ጊዜ አያገኝም። በመሆኑም በጥራዙና በፊርማው መካከል አንድ ሠራተኛ ይገኛል፤ ተግባሩም ከብዙው ገጽ ውስጥ ኃላፊው ሊፈርምበት የሚችል አንድ ገጽ ማውጣት ነው።

ይህ ተግባር ብዙውን ጊዜ እንደ ማሳጠር ብቻ ይታያል። ሠራተኛው ከየምዕራፉ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይወስዳል፤ ከዝናቡ ጥቂት፣ ከሰብሉ ጥቂት፣ ከጤናው ጥቂት አድርጎ ያያይዛል። እንዲህ የተዘጋጀው ገጽ የሪፖርቱ ትንሽ ግልባጭ ይሆናል እንጂ መልእክት አይሆንም። ሪፖርት «ምን ታየ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ፈራሚው ኃላፊ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ምን ይደረግ፣ እስከ መቼ ይደረግ፣ ካልተደረገስ ማን ምን ይሆናል የሚል ነው። ስለዚህ የአንድ ገጹ ሥራ የሚጀምረው ከሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ሳይሆን ከሚፈለገው ውሳኔ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ለምሳሌ ያህል የታሰበ አንድ ወረዳ እንውሰድ። ወረዳው 24 ቀበሌዎችና 120,000 ያህል ነዋሪ ያለው፣ በከፊል በበልግ አዝመራ የሚተዳደር ነው። የጥናት ቡድኑ በሚያዝያ ወር አጋማሽ ወረዳውን ተዘዋውሮ ተመልክቶ 42 ገጽ የሚሆን ሪፖርት አቅርቧል። በሪፖርቱ መግቢያ ላይ የሚገኘው ዋና ዓረፍተ ነገር የወረዳው የበልግ ዝናብ ከረጅም ዓመታት አማካይ መጠን 71 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። በዚሁ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈው የመጀመሪያው አጭር መልእክት የሚከተለው ነበር እንበል።

«በወረዳው የጣለው የበልግ ዝናብ ከአማካይ በታች ሆኖ በመገኘቱና የምግብ ዋስትናው ሁኔታም አሳሳቢ ሊሆን ወደሚችልበት ደረጃ በመቃረቡ ሁኔታውን በቅርብ መከታተልና ተገቢውን ዝግጅት ማድረግ እንደሚገባ እናሳስባለን።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የለም። ነገር ግን የሚፈረምበትም ነገር የለም። «ተገቢው ዝግጅት» ምን እንደሆነ፣ በማን እንደሚደረግና በየትኛው ቀን ማለቅ እንዳለበት አልተገለጸም። ኃላፊው ይህን ደብዳቤ አንብቦ «ይከታተሉት» ብሎ ወደ ሥራ ክፍሉ ቢመራው የተጠየቀውን ሙሉ በሙሉ ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

እንግዲህ ጥራዙን እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ግን ውሳኔውን በአእምሮ ይዞ ማንበብ ያስፈልጋል። 71 በመቶ የሚለው ቁጥር ለሦስት ወር ዝናብ የወጣ የወረዳው አማካይ ነው። በሪፖርቱ መካከል ያለው ሠንጠረዥ ሲታይ ግን ከዚህ ዝናብ ብዙው በደጋው ቀበሌዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ የወረደ ዶፍ ነው። በ11 ቆላ ቀበሌዎች ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ ከሠላሳ ቀን በላይ ጠብታ አልታየም፤ ቡቃያውም አበባ ሳያወጣ ደርቋል። ስለዚህ አማካዩ በደጋው የተረፈውን ውኃ ለቆላው ሰጥቶ ሁለቱንም ደህና አስመስሏቸዋል። አማካይ ቁጥር በሚገኝበት ቦታ ሁሉ አጠናቃሪው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ቁጥሩ በቦታና በጊዜ ሲበተን ምን ይመስላል የሚለው ነው። እህል የሚጫነው ወደ ቀበሌ እንጂ ወደ አማካይ አይደለምና።

ከዚያም የሰዉ ቁጥር ይመጣል። ሪፖርቱ በመደምደሚያው፣ በ39ኛው ገጽ ላይ፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ38,000 እስከ 52,000 እንደሚደርስ ይናገራል። ብዙ ሠራተኞች በእንዲህ ያለ ጊዜ መካከለኛውን ወስደው 45,000 ብለው ይጽፋሉ፤ አንድ ቁጥር ከሁለት ይቀላልና። በዚህ ወረዳ ግን 45,000 የሚባል ተረጂ በየትኛውም ሁኔታ አይገኝም። ወደ ኋላ ተመልሶ ገበያና ከብት የሚለው ምዕራፍ ሲነበብ የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ይሆናል። 38,000ው በቆላው ቀበሌዎች አዝመራው የጠፋበት ሕዝብ ነው። የቀሩት 14,000 በ6 ወይናደጋ ቀበሌዎች የሚኖሩ፣ እህላቸው ያነሰ ነገር ግን ፍየልና በግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቀድሞ አንድ ፍየል ሸጠው 80 ኪሎ ማሽላ ይገዙ ነበር፤ አሁን ከብቱ ከስቶ ዋጋው በመውደቁና እህሉ በመወደዱ የሚያገኙት 35 ኪሎ ነው። የግንቦት ዝናብ ጥሎ ግጦሹ ቢያገግም እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ሊወጡት ይችላሉ፤ ባይጥል ግን 14,000ዎቹ በሙሉ ወደ ተረጂነት ይገባሉ። እንግዲህ ነገሩ ወይ 38,000 ወይም 52,000 ነው እንጂ በመካከሉ የሚቆም አይደለም። ለዚህ ነው ሁለቱን ቁጥሮች አስማምቶ አንድ ማድረግ ማቅለል ሳይሆን መረጃውን ማጥፋት የሚሆነው።

ይህ ክፍፍል ለውሳኔው መፍቻ ይሆናል። ዝናቡ ጣለም አልጣለም የ38,000ው ቁጥር አይነቃነቅም፤ የደረቀ ቡቃያ በግንቦት ዝናብ አይነሣም። ስለዚህ ለነርሱ የሚሰጠው ውሳኔ የሚጠብቀው ነገር የለም። የሚጠብቀው የ14,000ው ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይህም ቁርጥ ያለ ቀን ሊሰጠው ይችላል። ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያመነቱት ያልተረጋገጠው ነገር ከተረጋገጠው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀላቅሎ ሲቀርብላቸው ነው። ሲለያይላቸው የተረጋገጠውን ወዲያው ይፈርማሉ፤ ሌላውን በቀኑ ይመለከቱታል።

ቀጥሎ ሰዉ ወደ ኩንታል ይለወጣል። በአገራችን በእርዳታ ሥራ በተለመደው የምደባ ልክ አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታሰብለታል፤ ጥራጥሬና ዘይት ከዚህ ሌላ ነው። ለ38,000 ሰው በወር 5,700 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አደጋ አለ። በሪፖርቱ አንደኛው ሠንጠረዥ ተረጂውን በሰው፣ ሌላኛው በአባወራ ቆጥሮታል። 8,100 የሚለው የአባወራ ቁጥር በስሕተት እንደ ሰው ቢወሰድ የወሩ እህል ከ5,700 ወደ 1,215 ኩንታል ይወርዳል፤ ከሩብ ያነሰ ይሆናል። ስሕተቱ ደግሞ ከተጻፈ በኋላ በዓይን አይታይም፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክለኛ ይመስላሉ። ስለሆነም በአንድ ገጹ ላይ ቁጥር ሁሉ «ሰው»፣ «አባወራ»፣ «ኩንታል» ከሚል ቃል ጋር ካልሆነ ብቻውን መቆም የለበትም። አጠናቃሪውም ሰዉን በአባወራው አካፍሎ ውጤቱ ከአራት ተኩል እስከ አምስት መሆኑን ቢያይ ሁለቱ ሠንጠረዦች እንደሚስማሙ ያውቃል።

ምን ያህል ወር የሚለውን የሚወስነው ሪፖርቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ ድልድይ የሌለው ወንዝ ያቋርጣል። ከሐምሌ 10 ገደማ እስከ መስከረም መጨረሻ መኪና አያሳልፍም። ይህ ነገር በጥናቱ ውስጥ የተጠቀሰው በአንድ የግርጌ መስመር ነው፤ ምክንያቱም ለእርሻም ሆነ ለጤና ባለሙያው የሙያው ጉዳይ አይደለም። ለፈራሚው ኃላፊ ግን ከመላው ሪፖርት ይልቅ የሚከብደው መስመር እርሱ ነው። በልጉ ቢሳካ ኖሮ ከሰኔ ጀምሮ የሚበላው እህል የለም፤ የመኸሩ አዝመራ ደግሞ የሚደርሰው በኅዳር መጨረሻ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ድርሻ መንገዱ ሲከፈት ሊላክ ይችላል። የሰኔ፣ የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ግን ከሐምሌ 10 በፊት ወንዙን መሻገር አለበት። አራት ጊዜ 5,700 ሲባዛ 22,800 ኩንታል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በዚያ መንገድ የሚሄደው መኪና 100 ኩንታል የሚጭነው ነው እንበል፤ 228 ምልልስ ያስፈልጋል። አንድ ምልልስ ከመጫን እስከ መመለስ አራት ቀን ይፈጃል። ውሳኔው በግንቦት 5 ቢፈረም የመጋዘን ማዘዣውና የመኪና ውሉ ተጠናቆ ጭነት በግንቦት 20 ይጀመራል። ከዚያ እስከ ሐምሌ 10 ድረስ 50 ቀን አለ። አንድ መኪና በዚህ ጊዜ 12 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ 19 መኪና ይበቃል። ፊርማው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ 12ቱ ምልልስ ወደ 10 ይወርድና 23 መኪና ይጠይቃል። በሦስት ሳምንት ቢዘገይ አንድ መኪና 7 ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ 33 መኪና ያስፈልጋል። ያን ያህል መኪና በዚያ ወቅት ተከራይቶ ማግኘት አይቻል ይሆናል። «አስቸኳይ ነው» የሚለው ቃል በየደብዳቤው ስለሚገኝ ክብደቱን አጥቷል፤ «ሦስት ሳምንት ቢዘገይ በ19 ፈንታ 33 መኪና» የሚለው ግን የኃላፊው የራሱ የሥራ ቋንቋ ነው። በጀቱንና ውሉን የሚያውቀው እርሱ ነውና ትርጉሙን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

በዚሁ ሥራ ውስጥ ተለይቶ መታየት ያለበት አንድ ነገር ይኖራል፤ እርሱም በሚያስፈልገውና ሊደርስ በሚችለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። የወረዳው መጋዘን የሚይዘው 10,000 ኩንታል ብቻ ነው። መንገዱ በተዘጋባቸው ሦስት ወራት ውስጥ መቀመጥ ያለበት ግን 17,100 ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ «መጋዘኑ ስለማይበቃ» ብሎ ጥያቄውን ራሱ ወደ 10,000 ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ከሁሉ የሚጎዳ ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ ገጹን የሚያነበው ሁሉ የሕዝቡ ፍላጎት 10,000 ኩንታል ነው ብሎ ያምናል፤ 7,100 ኩንታሉም ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ትክክለኛው አቀራረብ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ጉድለቱን የሚሞላውን ነገር መጠየቅ ነው፤ በዚህ ምሳሌ እያንዳንዳቸው 5,000 ኩንታል የሚይዙ የድንኳን መጋዘኖች ናቸው። ሦስት ቢጠየቁ የ14,000ው ድርሻ ቢጨመርም ቦታ ይኖራል።

ስለዚህ ጉዳይ የአገራችን ታሪክ መራራ ምስክር አለው። በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሽ አገሮች ባቀረበው ጥሪ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን አስታውቆ፣ የሚያስፈልገው እህል ወደ 900,000 ቶን ሲሆን የጠየቀው 450,000 ቶን ነበር። ምክንያቱም ከዚያ በላይ የሆነውን ለማጓጓዝና ለማከፋፈል አቅም የለም ተብሎ ነው። በዚያው ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን ደግሞ 125,000 ቶን የሚል ግምት አቀረበ፤ ይህም በአመዛኙ የወደብንና የመጓጓዣን አቅም የተመለከተ ነበር። እንዲህ ሆኖ አንዱ ቁጥር ረሃቡን፣ ሌሎቹ መንገዱንና ወደቡን የሚለኩ ሲሆኑ በለጋሾች ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገርን የሚለኩ ሦስት ተፎካካሪ ግምቶች መስለው ታዩ። ለመዘግየቱ ፖለቲካን ጨምሮ ሌሎች ከባድ ምክንያቶች ነበሩ፤ ጥፋቱን ሁሉ በቁጥሮች ላይ መጣል አይቻልም። ይሁን እንጂ «እነርሱስ ራሳቸው መች ተስማሙ?» ለማለት ለሚሻ ሰው ምክንያት ሆኖ አገልግሏል። የዓለም ሕዝብ የተነሣሣው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተቀረጸው ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ጥሪው ከቀረበ ሰባት ወር ሞልቶት ነበር።

በመረጃ እጦት ሳይሆን በመረጃው አቀራረብና አቀባበል የተነሣ የሚደርስ መዘግየት በዚያ አላበቃም። በሶማሊያ በ2003 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ማስጠንቀቂያው የተጀመረው ካለፈው ዓመት ነሐሴ ወር አንሥቶ ነው። ረሃብ መግባቱ በይፋ የታወጀው ግን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነበር። በጠቅላላው ወደ 260,000 የሚጠጋ ሕዝብ ማለቁን በ2005 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ገምቷል። ማስጠንቀቂያዎቹ በባሕርያቸው «ዝናቡ ከአማካይ በታች የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው» የሚሉ ነበሩ፤ ውሳኔ ሰጪዎቹም ዕድሉ ወደ እርግጠኝነት እስኪለወጥ ጠበቁ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ አምስት ደረጃ የምግብ ዋስትና አመዳደብ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያችው በሶማሊያ ነው የተጀመረው፤ ዓላማውም የልዩ ልዩ ባለሙያዎችን ግኝት ኃላፊው በሚረዳው በአንድ መለኪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን ማጠቃለያ እንጂ ውሳኔ አይደለም። አምስተኛው ደረጃ፣ ረሃብ፣ የሚታወጀው ከአምስት ቤተሰብ ቢያንስ አንዱ የከፋ የምግብ እጦት ሲደርስበት፣ ከሕፃናቱ ቢያንስ ሠላሳ በመቶው በከባድ ሁኔታ ሲከሱና ከ10,000 ሰው በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ሲሞት ነው። ደረጃው እስኪደርስ የሚጠብቅ ኃላፊ ሰው መሞት እስኪጀምር እየጠበቀ መሆኑን መልእክቱ በግልጽ ሊነግረው ይገባል።

ወደ ወረዳው እንመለስ። ከላይ የተገለጸው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ገጽ ሲሆን የሚከተለውን ይመስላል።

«ቀን፦ ሚያዝያ 28። መረጃው የተሰበሰበው ከሚያዝያ 10 እስከ 18 ነው።

የሚጠየቀው ውሳኔ፦ 22,800 ኩንታል እህል ከማዕከላዊ መጋዘን እንዲወጣ፣ 19 መኪናና 3 የድንኳን መጋዘን እንዲመደብ እስከ ግንቦት 5 ድረስ እንዲፈረም።

ምክንያት፦ በ11 ቆላ ቀበሌዎች የበልግ አዝመራ ጠፍቷል። 38,000 ሰው ከሰኔ ጀምሮ የሚበላው የለውም። የሚቀጥለው አዝመራ የሚደርሰው በኅዳር መጨረሻ ነው።

ቀኑ፦ ከሐምሌ 10 በኋላ ወንዙ መኪና አያሳልፍም። እህሉ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚያደርስ የአራት ወር ድርሻ ነው። ፊርማው አንድ ሳምንት ቢዘገይ 23፣ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ 33 መኪና ያስፈልጋል።

ያልተረጋገጠው፦ በ6 ወይናደጋ ቀበሌዎች ያለ ተጨማሪ 14,000 ሰው። የግንቦት ዝናብ ከጣለ እርዳታ ላያስፈልገው ይችላል። ውጤቱ በግንቦት 25 ይገለጻል። የ38,000ው ቁጥር በዚህ ዝናብ አይለወጥም።»

በዚህ ገጽ ውስጥ የዝናብ መቶኛ የለም፤ የሳተላይት የእፅዋት መለኪያ የለም፤ የሕፃናቱ የክንድ ዙሪያ ልኬትም የለም። እነዚህ የተተዉት ዋጋ ስለሌላቸው አይደለም፤ የ38,000ው ቁጥር የቆመው በእነርሱ ላይ ነው። የተተዉት ቢጨመሩ ውሳኔውን ስለማይለውጡት ነው። መመዘኛውም ይኸው ነው፤ አንድ መረጃ ተነሥቶ የሚጠየቀው ኩንታል፣ ቀን ወይም ቦታ የማይለወጥ ከሆነ ስፍራው በጥራዙ ውስጥ ነው። የክንድ ልኬቱ ሕፃናቱ ከወዲሁ መክሳታቸውን የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ ግን ጥያቄው ራሱ ይለወጥ ነበር። ከእህሉ በፊት አልሚ ምግብና የጤና ቡድን መቅደም ስላለበት ልኬቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይገባ ነበር።

የመረጃው ቀን ከደብዳቤው ቀን ተለይቶ የተጻፈበት ምክንያትም አለ። ወረቀቱ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲያልፍ በየደረጃው አዲስ ቀን ይጻፍበታል፤ የሚያዝያ መረጃ በሰኔ ደብዳቤ ላይ እንደ ሰኔ ወሬ ይነበባል። በየደረጃው የሚቀነሱ ነገሮችም አሉ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው ከቁጥሩ ጋር ያለው ሁኔታ ነው፤ «ዝናቡ ካልጣለ 52,000» የሚለው አንዱ ጽሕፈት ቤት ሲያልፍ «እስከ 52,000»፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ «52,000» ይሆናል። ይህን ለመከላከል ሁኔታው በሌላ አንቀጽ ሳይሆን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ከቁጥሩ ሳይነጠል መጻፍ አለበት። ዓረፍተ ነገሩን የሚገለብጥ ሰው ሁኔታውን አብሮ ይገለብጣልና።

ገጹ ከመላኩ በፊት ሁለት ማረጋገጫ ይበቃል። አንደኛው፣ በገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከሪፖርቱ በየትኛው ገጽ እንደተወሰደ ወይም ከየትኞቹ ቁጥሮች እንደተሰላ በጽሕፈት ቤቱ ቅጂ ኅዳግ ላይ ማስፈርና ሪፖርቱን የጻፈውን ባለሙያ ማሳየት ነው። ባለሙያው «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚልበት መስመር ካለ ያ መስመር አይላክም። ሁለተኛው፣ ከጉዳዩ ውጪ ላለ ባልደረባ፣ ለምሳሌ ለሒሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ገጹን አንድ ጊዜ አስነብቦ ከእጁ በመውሰድ ምን ይፈረማል፣ እስከ መቼ፣ ካልተፈረመስ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው። «በዚያ ወረዳ ድርቅ አለ» ብቻ ብሎ ቢመልስ ገጹ ገና አላለቀም። ሦስቱን በትክክል ከመለሰ ግን ኃላፊውም እንደሚረዳው መገመት ይቻላል።

መልእክቱ ለማን እንደሚጻፍ አስቀድሞ ማወቅም ግድ ነው። ከማዕከላዊ መጋዘን እህል የማስወጣት ሥልጣን የሌለው ኃላፊ «22,800 ኩንታል ይፈረም» ቢባል ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ለእርሱ የሚጻፈው ሥልጣኑ የሚፈቅደው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ጥያቄውን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ በላይ አካል እንዲያስተላልፍና በእጁ ያሉትን መኪናዎች እንዲያዘጋጅ።

ይኸው አሠራር በሠፈራ ሥራም ይሠራል። አንድ የውኃ ባለሙያ ለአዲስ ሠፈራ ጣቢያ ስለተቆፈረ ጉድጓድ የሚጽፈው ሪፖርት የዓለቱን ዓይነት፣ የፓምፕ ፍተሻውን ሰዓትና የውኃውን ወለል መውረድ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይኖሩታል፤ በመጨረሻም ጉድጓዱ በሰከንድ አንድ ተኩል ሊትር ይሰጣል ይላል። የሠፈራ ኃላፊው ይህን አንብቦ ውኃ መገኘቱን ብቻ ይረዳል፤ 5,000 ሰውም እንዲጓጓዝ ያዛል። ፓምፑ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ግን የሚወጣው 43,200 ሊትር ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ቢታሰብ ለ2,880 ሰው ይበቃል፤ ከብት ከተጨመረ ከዚያም ያንሳል። 5,000ውን ሰው ለማጠጣት ፓምፑ በቀን ወደ 14 ሰዓት መሥራት ይኖርበታል፤ ጉድጓዱ ያን ያህል ይችል እንደሆነ ደግሞ አልተፈተነም። ከዚህም በላይ ፍተሻው የተደረገው በጥቅምት፣ ክረምቱ በወጣ ማግሥት ነው። ስለዚህ የአንድ ገጹ ጥያቄ የሚሆነው፦ «በመጀመሪያው ዙር ከ2,800 የማይበልጥ ሰው ይጓጓዝ፤ ሁለተኛው ዙር ሁለተኛ ጉድጓድ እስኪቆፈር ይቆይ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ውኃ በመጋቢት፣ በደረቁ ወቅት፣ እንደገና ተለክቶ ውጤቱ ከፍተሻው በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይቀርባል» የሚል ነው።